ከሚሊዮን ረድፍ በኋላም ያላለቀ ድምር

ይህ ጽሑፍ በደሴ ከተማ ለሒሳብ መምህራንና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቃል የቀረበ ንግግር ነው። በሰሌዳና በስክሪን ላይ የታዩት ስሌቶች አንባቢ ራሱ ሊደግማቸው በሚችል መልኩ ተጽፈዋል።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በአንድ ድምር ላይ ያተኩራል። ድምሩ ከ2 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሙሉ ቁጥር n የ 1/(n ln n) ዋጋ ሲደመር የሚገኘው ነው፤ እዚህ ላይ ln ተፈጥሯዊው ሎጋሪዝም ነው። ይህንን ሲሪስ የመረጥሁት 1/n ላይ ያለውን ሁላችሁም ስለምታውቁት ነው። የ1/n ድምር ወሰን የለሽ መሆኑ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በኒኮል ኦሬም ተረጋግጧል፤ በየመማሪያ ክፍሉም ስለሚነገር ተማሪው ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት መልሱን ያውቀዋል። መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በቁጥር አይታለልም። በ1/(n ln n) ግን መልሱን የማያውቅ ሰው፣ ጠንቃቃ ቢሆንም እንኳ፣ ከፊል ድምሮቹን አይቶ በሙሉ ልብ የተሳሳተ ቁጥር ሊጽፍ ይችላል። እንዴት እንደሚሳሳት፣ ለምን እንደሚሳሳትና ከዚያው ኮምፒዩተር የተሻለ ምስክርነት እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ እናያለን።

በኤክሴል እንጀምር። የመጀመሪያውን ረድፍ ለርዕስ ትተን ከሁለተኛው ረድፍ ብንነሳ የረድፉ ቁጥርና n አንድ ስለሚሆኑ ሥራው ይቀላል። በ A2 ላይ `=ROW()`፣ በ B2 ላይ `=1/(A2*LN(A2))`፣ በ C2 ላይ `=B2`፣ በ C3 ላይ ደግሞ `=C2+B3` እንጽፍና ሁሉንም ወደ ታች እንሞላለን። ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። የመጀመሪያው፣ በኤክሴል `LOG` የሚለው ትእዛዝ መሠረቱ 10 የሆነው ሎጋሪዝም ሲሆን በፓይተን `math.log` ግን ተፈጥሯዊው ሎጋሪዝም ነው። አንዱ ተማሪ በኤክሴል፣ ሌላው በፓይተን ሠርተው መልሳቸው በ2.3026 እጥፍ ከተለያየ ምክንያቱ ሌላ ቦታ መፈለግ የለበትም። ሁለተኛው፣ በ C ዐምድ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚደምር `SUM` ማስገባት ኮምፒዩተሩን ያንቀዋል። እያንዳንዱ ረድፍ ከላዩ ያሉትን ሁሉ እንደገና ስለሚደምር ሙሉ ወረቀቱ ከ500 ቢሊዮን በላይ መደመር ይጠይቃል፤ የቀደመውን ድምር ወስዶ አንድ ተርም ብቻ መጨመር ግን አንድ ሚሊዮን ያህል መደመር ብቻ ነው።

አንድ የኤክሴል ወረቀት 1,048,576 ረድፎች አሉት። እስከ መጨረሻው ረድፍ ሞልተን ስንወርድ በ C ዐምድ የምናገኘው ቁጥር 3.4239 ነው። የመጨረሻው ተርም 0.00000007 ያህል ብቻ ነው። በስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ ሠላሳ ረድፎች ይታያሉ ብንል፣ ከላይኛው ረድፍ እስከ ታችኛው ድረስ ድምሩ የሚጨምረው ሁለት ሚሊዮንኛ ያህል ነው። አራተኛው አስርዮሽ አንድ ጊዜ እንዲቀየር 1,450 ያህል ረድፎች መውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተማሪው የሚያየው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሆነ ዐምድ ነው፤ 3.4239፣ 3.4239፣ 3.4239። ይህን አይቶ «ድምሩ ወደ 3.42 ይጠጋል» ብሎ ቢጽፍ ከሰነፍ ተማሪ የሚጠበቅ ስሕተት አድርጌ አልቆጥረውም፤ ዓይኑ ያየውን በታማኝነት ጽፏል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ በሐረጎ ጉም የያዘው መንገደኛ ከፊቱ የሚታየው ጥቂት እርምጃ ለጥ ያለ ቢመስለው፣ ዳገቱ ማለቁን ከዚያች ቁራጭ መንገድ ሊያውቅ አይችልም።

በፓይተን የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑን ሳይሆን የማቆሚያ ደንብ ይጠቀማል። የተለመደው ደንብ «ተርሙ ከዚህ መጠን ካነሰ አቁም» የሚል ነው፤ አጻጻፉም እንዲህ ነው።

```python
import math
s = 0.0
n = 2
while 1/(n*math.log(n)) > 1e-6:
    s += 1/(n*math.log(n))
    n += 1
print(n, s)
```

ይህ ሉፕ n 87,848 ሲደርስ ይቆማል፤ የሚሰጠውም ድምር 3.2268 ነው። ሠሪው ተርሙ ከሚሊዮንኛ ስላነሰ መልሱ ቢያንስ እስከ አምስተኛው አስርዮሽ ትክክል ነው ብሎ ያስባል። አሁን `1e-6` የሚለውን ወደ `1e-8` እንለውጠው። ሉፑ 6.38 ሚሊዮን አካባቢ ይቆማል፤ መልሱ ደግሞ 3.5464 ይሆናል። ወደ `1e-10` ብንለውጠው ግማሽ ቢሊዮን ያህል ተርሞች ይደመሩና 3.79 እናገኛለን። የማቆሚያውን መጠን በመቶ እጥፍ ባጠበብነው ቁጥር መልሱ የሚቀየረው በስድስተኛው አስርዮሽ ሳይሆን በመጀመሪያው ነው። እንዲህ ያለ መልስ ስለ ሲሪሱ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው እኛ ስለመረጥነው ማቆሚያ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ማንኛውም ተማሪ በሉፕ ያገኘውን ድምር ከማስረከቡ በፊት ማቆሚያውን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ለውጦ ማየት ይኖርበታል፤ ይህ ቀላል ሙከራ ብዙ የሐሰት መልሶችን ያጋልጣል።

የደንቡ ጉድለት የት ላይ እንዳለ በግልጽ እናስቀምጠው። የቀረው ድምር ትንሽ መሆኑን ለማወቅ የሚቀጥለው ተርም ትንሽ መሆኑ አይበቃም፤ ምክንያቱም ከኋላው የሚከተሉት ተርሞች ብዛት ወሰን የለውም። ለ 1/n² ከN በኋላ የቀረው ድምር ወደ 1/N የሚጠጋ ስለሆነ፣ በሚሊዮንኛው ተርም ላይ የቆመ ሰው አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ይጎድለዋል። የመጨረሻው ተርም ግን በዚያው ቦታ አንድ ትሪሊዮንኛ ነው፤ ማለትም የቀረው ድምር ከመጨረሻው ተርም አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። በፍጥነት በሚጠጋው በ1/n² እንኳ ተርሙን እንደ ስሕተት መለኪያ መውሰድ ይህን ያህል የሚያሳስት ከሆነ፣ በዝግታ በሚያድገው ላይ ምን ያህል እንደሚያሳስት መገመት አያዳግትም።

ከዚህ የበለጠ ብልሃት ያለው ተማሪ ደግሞ ልዩነቶችን ይመለከታል። ከፊል ድምሩ በሺህ ላይ 2.7274፣ በአሥር ሺህ ላይ 3.0150፣ በመቶ ሺህ ላይ 3.2381፣ በሚሊዮን ላይ 3.4205 ነው። ልዩነቶቹ በቅደም ተከተል 0.2876፣ 0.2231 እና 0.1823 ናቸው። እየቀነሱ ነው፤ ስለዚህ ተማሪው እንደ ጂኦሜትሪክ ሲሪስ ይቆጥራቸዋል። የመጨረሻው ምጥጥን 0.817 ያህል ስለሆነ የቀረውን ሁሉ ደምሮ 0.814 ያገኛል፤ ይህን በ3.4205 ላይ ጨምሮ መልሱ 4.235 ነው ይላል። ይህ ዘዴ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ በሌሎች ሲሪሶች ላይ በጣም ጠቃሚ ነው። እዚህ የሚያሳስተው ምጥጥኑ ቋሚ ነው ብሎ በመነሣቱ ነው። ሁለቱን ምጥጥኖች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው የመጀመሪያው 0.776፣ ሁለተኛው 0.817 ነው። ወደ 1 እየተጠጉ ነው። ምጥጥኑ ወደ 1 የሚሄድ ከሆነ የጂኦሜትሪክ ግምቱ መሠረት የለውም። ልዩነቶቹም እንዲያው የመጡ ቁጥሮች አይደሉም፤ በጣም በቅርበት የ ln(4/3)፣ የ ln(5/4) እና የ ln(6/5) ዋጋዎች ናቸው። ቀጣዩ ln(7/6) ነው፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ሎጋሪዝሞች ሲደመሩ እርስ በርሳቸው ተጣጥፈው የአንድ ትልቅ ቁጥር ሎጋሪዝም ይሆናሉ፤ ያም ቁጥር ያለ ወሰን ያድጋል።

እነዚህ ሎጋሪዝሞች ከየት መጡ? ከኢንተግራል ነው። f(x) = 1/(x ln x) እየቀነሰ የሚሄድ ፈንክሽን ነው። ከ n እስከ n+1 ባለው ክፍተት ላይ ቁመቱ f(n)፣ ስፋቱ 1 የሆነ አራት ማዕዘን ብንሠራ በከርቩ ሥር ያለውን ስፍራ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ስለዚህ ከ2 እስከ N ያለው ድምር ከ2 እስከ N+1 ካለው ኢንተግራል አያንስም። u = ln x ብለን ብንተካ ኢንተግራሉ የ 1/u ይሆናል፤ ውጤቱም ln ln(N+1) − ln ln 2 ነው። የሎጋሪዝም ሎጋሪዝም በጣም በዝግታ ያድጋል፤ ነገር ግን አይቆምም። ከፊል ድምሩም ከ ln ln N + 0.7947 ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ በሚሊዮን ላይ ln ln N 2.6258 ስለሆነ ሲደመር 3.4205 ይሰጣል፤ ቀደም ብለን ያየነው ቁጥር ይኸው ነው።

ይህ ቀመር በእጃችን ካለ ድምሩ 5 የሚደርሰው መቼ እንደሆነ ማስላት እንችላለን። ln ln N 4.2053 መሆን አለበት፤ ስለዚህ ln N 67.04 ነው፤ N ደግሞ ወደ 1.3×10^29 ይሆናል። በሰከንድ አሥር ሚሊዮን ተርም የሚደምር ኮምፒዩተር ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜ ከጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ በሠላሳ ሺህ እጥፍ ያህል ይበልጣል። ድምሩ 10 እንዲደርስ ደግሞ N 4,322 አሃዞች ያሉት ቁጥር መሆን አለበት። በመደመር ብቻ ይህንን ማንም አያየውም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እንግዲያው ኮምፒዩተሩ ምንም አይጠቅምም ማለት ነው?» ሊል ይችላል። እኔ እንዲህ አልልም። ኮምፒዩተሩ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ድምሩን የምንመለከትባቸውን ቦታዎች በትክክል መምረጥ አለብን። የሚከተለውን ሙከራ አስቡት። N በሁለት ሲባዛ ሳይሆን N በራሱ ሲባዛ ድምሩ ምን ያህል ይጨምራል? ከ10 ወደ 100፣ ከ100 ወደ 10,000፣ ከ10,000 ወደ 100 ሚሊዮን እንሄዳለን። ለማነጻጸርም ሌላ ሲሪስ አብረን እናስላ፤ ተርሙ 1/(n (ln n)²) ነው። ይህኛው በእርግጥ ወደ አንድ ቁጥር የሚጠጋ፣ ኮንቨርጅ የሚያደርግ ሲሪስ ነው። ኤክሴል ረድፎቹ ስለማይበቁት ይህንን የምንሠራው በፓይተን ነው።

```python
import math
a = b = 0.0
stops = [10, 100, 10**4, 10**8]
for n in range(2, 10**8 + 1):
    t = 1/(n*math.log(n))
    a += t
    b += t/math.log(n)
    if n in stops:
        print(n, a, b)
```

ውጤቱ እንዲህ ነው።

| N | የመጀመሪያው ድምር | ጭማሪው | የሁለተኛው ድምር | ጭማሪው |
|---|---|---|---|---|
| 10 | 1.6499 | | 1.6846 | |
| 100 | 2.3229 | 0.6730 | 1.8928 | 0.2082 |
| 10,000 | 3.0150 | 0.6921 | 2.0012 | 0.1083 |
| 100,000,000 | 3.7082 | 0.6931 | 2.0555 | 0.0543 |

በመጀመሪያው ሲሪስ ጭማሪው አይቀንስም፤ እንዲያውም ትንሽ እያደገ ወደ 0.6931 ይጠጋል፤ ይህም ln 2 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የ N² ሎጋሪዝም የ N ሎጋሪዝም እጥፍ ስለሆነ ln ln N በ ln 2 ይጨምራል። በእያንዳንዱ እርምጃ 0.69 የሚጨምር ነገር በአንድ ቁጥር ላይ እንደማይቆም ለማንም ግልጽ ነው። በሁለተኛው ሲሪስ ግን ጭማሪው በእያንዳንዱ እርምጃ በግማሽ ይቀንሳል። በግማሽ የሚቀንስ ጂኦሜትሪክ ሲሪስ የቀረው ድምር ከመጨረሻው ጭማሪ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በ2.0555 ላይ 0.0543 ብንጨምር 2.1098 እናገኛለን፤ ትክክለኛው ዋጋ 2.10974 ነው። በመቶ ሚሊዮን ተርም ሊታይ ያልቻለው ሁለተኛው አስርዮሽ በዚህ አንድ መደመር ተገኘ።

ይህ ሁለተኛው ሲሪስ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ኮንቨርጅ ማድረጉ ከፊል ድምሩን እንዳለ ወስዶ መጻፍን ትክክል አያደርገውም። ከ N በኋላ የሚቀረው 1/ln N ያህል ነው፤ በሚሊዮን ላይ የቆመ ሰው 2.037 ያገኛል፤ ከትክክለኛው በ0.07 ይጎድለዋል። ያለ ምንም ማስተካከያ በመደመር ብቻ ስሕተቱን ከ0.005 በታች ለማድረግ ln N ከ200 መብለጥ አለበት፤ ያ ማለት N 87 አሃዞች ያሉት ቁጥር ነው። በኤክሴል ስክሪን ላይ ያለ ወሰን የሚያድገውና ወደ አንድ ቁጥር የሚጠጋው ሲሪስ ከዚህ የተነሣ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ዐምዶች የቆሙ ይመስላሉ፤ በሁለቱም ላይ ከዐምዱ ተነሥቶ የሚጻፈው ቁጥር ስሕተት ነው፤ የስሕተቱ ዓይነት ግን የተለያየ ነው።

ስለ ኮምፒዩተሩ የቁጥር አያያዝ አጭር ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም አንዳንዴ ድምሩ በእውነት ይቆማል። የ1/n ድምር በ32 ቢት ቁጥር ከፊት ወደ ኋላ ሲደመር 2,097,152ኛው ተርም አካባቢ በ15.4037 ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ብንደምርበት አይንቀሳቀስም። ትክክለኛው ከፊል ድምር በዚያ ቦታ 15.1333 ስለሆነ የቆመውም ቁጥር ራሱ ትክክል አይደለም። የቆመበት ምክንያት የሚደመረው ተርም ከድምሩ የመጨረሻ ቢት ግማሽ በማነሱ፣ ሲጠጋጋ ወደ ዜሮ መውደቁ ነው። ኤክሴልና የፓይተን ተራ ቁጥሮች 64 ቢት ስለሆኑ በእኛ ሙከራዎች ላይ ይህ አይደርስም፤ ለ1/n መቆሚያው ከ280 ትሪሊዮን ተርም በላይ ነው። ነገር ግን በ`numpy` ላይ `float32` የመረጠ ሰው ዳይቨርጅ የሚያደርገው ሲሪስ ሲቆም ቢያይ ያየው የማሽኑን ወሰን ነው። ለመለየት ከባድ አይደለም፤ ድምሩን ከትንሹ ተርም ጀምሮ ወደ ትልቁ ይደምረው፤ መልሱ ከተለወጠ ስሕተቱ ከማጠጋጋት የመጣ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች መካከል አንዱን እዚህ ማካተት ግድ ይለኛል፤ ምክንያቱም የሙከራውን ወሰን ያሳያል። ጠያቂው «N በራሱ ሲባዛ ጭማሪው እየቀነሰ ከሄደ ሲሪሱ ኮንቨርጅ ያደርጋል ማለት እንችላለን ወይ?» አለ። አንችልም። ተርሙ 1/(n ln n ln ln n) የሆነውን ከ3 ጀምረን እንውሰድ። ከ100 ወደ 10,000 ጭማሪው 0.37 ያህል፣ ከ10,000 ወደ 100 ሚሊዮን 0.27 ያህል ነው፤ ቀጣዩን ብናሰላው 0.21 ያህል ይሆናል። እየቀነሰ ነው፤ ምጥጥኑ ግን ከ0.73 ወደ 0.79 ይወጣል፤ ቀደም ብለን በአሥር እጥፍ ስንሄድ ያየነው ምልክት እዚህም ተደገመ። ለዚህ ሲሪስ ጭማሪው ቋሚ እንዲሆን ከፈለግን N በራሱ መባዛቱ አይበቃም፤ ሎጋሪዝሙ በራሱ መባዛት አለበት። ከ100 ብንነሣ የሚቀጥለው ቦታ 1.6 ቢሊዮን ነው፤ ከዚያ የሚቀጥለው 196 አሃዞች ያሉት ቁጥር ነው። ኮምፒዩተሩ ሊሰጠን የሚችለው አንድ ጭማሪ ብቻ ነው፤ አንድ ጭማሪ ደግሞ ቋሚ ይሁን እየቀነሰ የሚሄድ ይሁን ሊታወቅ አይችልም። ኢንተግራሉ ግን በአንድ መስመር ይፈታዋል፤ ውጤቱ ln ln ln x ነው፤ x ሲያድግ ያለ ወሰን ያድጋል።